ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ገጹ ግን አይመጣም

«ኤርፖርትም ሆቴልም ዋይፋዩ ይገናኛል፤ ስምና የክፍል ቁጥር የሚሞላበት ገጽ ግን አይመጣልኝም። ቪፒኤን እጠቀማለሁ። ስልኬ ነው የተበላሸው?»

ወንድሜ፣ ስልክህ ደህና ነው። እንዳትነካካው። እኔ ነካክቼ ነው የተቃጠልኩት።

1. ቪፒኤኑን አጥፋ። አፑን ዘግቶ መውጣት አይበቃም፤ ግንኙነቱን ቁረጠው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቪፒኤን የሚለው ጋ ገብተህ «Block connections without VPN» የሚለውንም አጥፋ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ ናት።

ትራንዚት ላይ ዱባይ አድሬ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገጹ አልመጣ ሲለኝ ሪሴፕሽን ወረድኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስልክህ አርጅቷል» አለኝ። ገና ዓመት ያልሞላውን ስልክ! ተናድጄ የኔትወርክ ሴቲንጉን በሙሉ ሪሴት አደረግኩት። የቤት፣ የቢሮ፣ የእህቴ ቤት፣ የያዝኩት የዋይፋይ ፓስወርድ ሁሉ ጠፋ። ገጹ አሁንም የለም። መጨረሻ ላይ ሮሚንግ ከፈትኩ፤ ፎቶዎቼ በራሳቸው ወደ ክላውድ ሲጫኑ አድረው ሂሳቤን ሙልጭ አደረጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆቴሉ ዋይፋይ ገጹን እስክትሞላ ወደ ኢንተርኔት አያሳልፍህም። ስልክህ የሚጠይቀውን ነገር መንገድ ላይ ይዞ ወደ ራሱ ገጽ ይመልሰዋል። ቪፒኤኑ ደግሞ «በእኔ በኩል ካልሆነ ምንም አይወጣም» ይላል። እሱ ራሱ ሰርቨሩ ጋ ለመድረስ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሁለቱ ዘበኞች ሲጠባበቁ አንተ በር ላይ ቆመህ ታድራለህ።

2. ቪፒኤኑ ከጠፋ በኋላ ዋይፋዩን አጥፍተህ እንደገና አብራው። ገጹ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል። ካልመጣ ብሮውዘር ላይ ይህን ጻፍ፦

```
http://neverssl.com
```

በ https የሚጀምር አድራሻ አይሆንም። እሱ የተቆለፈ ስለሆነ ዋይፋዩ ጠልፎ ሊመልሰው ሲሞክር ብሮውዘሩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያኔም ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ «Private DNS» የሚለው ላይ የሆነ የሰርቨር ስም አስገብተህ እንደሆነ እይ። ካለ ለጊዜው ወደ «Off» መልሰው። የእኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ይሄ ነበር፤ ያን ቀን ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ አገኘሁት።

3. ገጹን ሞልተህ አንድ ሌላ ድረ ገጽ መከፈቱን ካየህ በኋላ ቪፒኤኑን አብራ፣ ያጠፋሃቸውንም መልስ። በመሀል ያለችው ደቂቃ ያለ ቪፒኤን ናትና የባንክ አፕ አትክፈት።

ጠዋት ስትነሳ ቪፒኤኑ በርቶ ሳለ ምንም አልከፍት ካለህ ደግሞ ሆቴሉ የሰጠህ ሰዓት አልቆ ሊሆን ይችላል። ከ1 ጀምር።