ኖቲፊኬሽን ሲበዛ የቱን ልዝጋ?

የእህል ነጋዴ፣ ቡሬ፦ የበቆሎ ዋጋ የሚለጠፍባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ቀኑን ሙሉ ይጮሁብኛል። እንዳልዘጋቸው ደላላዬ በቴሌግራም ነው የሚያገኘኝ።

ቴሌግራምን በሙሉ አይዝጉት፤ ዝም የሚያሰኙት ግሩፖቹን ብቻ ነው። ግሩፑን ከፍተው ከላይ ስሙን ይንኩና Mute ይበሉት። ደላላው በግል ሲጽፍልዎ ስልክዎ እንደ ወትሮው ይጮሃል። ግሩፑ ውስጥ ለእርስዎ መልዕክት ሪፕላይ ካደረገ ወይም በዩዘርኔምዎ ከጠራዎትም ያሳውቅዎታል። ስለዚህ ሪፕላይ እያደረገ እንዲጽፍ ይንገሩት። የቀረው ዋጋ መተግበሪያው ውስጥ በቁጥር ብቻ ይታያል፤ ሲመችዎ ገብተው ያዩታል። ለእንዲህ ያለ ወሬ ከዚህ የሚሻል ቦታ የለም።

ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ዳታ ማጥፋት እያለ ሴቲንግ ምን ያደርጋል? እኔ አጥፍቼ ነው የማጠናው።

ግማሹ ልክ ነህ። ፑሽ የሚባለው የመተግበሪያ ኖቲፊኬሽን ከመተግበሪያው ሰርቨር ተነስቶ፣ በአንድሮይድ አብዛኛውን ጊዜ በጉግል በኩል፣ በኢንተርኔት ነው የሚመጣው። ዳታ ስታጠፋ ግን ወረፋ ይዞ ይጠብቅሃል፤ ስትከፍት ሁሉም በአንዴ ይዘንብብሃል። ይልቅ የሚረብሽህ ሲመጣ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዘውና Silent በለው። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ኖቲፊኬሽን በዓይነት በዓይነቱ ስለተከፈለ ማስታወቂያውን ዘግተህ መልዕክቱን መተው ትችላለህ። የመተግበሪያው የኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ካየህ መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች አልከፋፈሉትም ማለት ነው። ያኔ ምርጫህ ሁሉንም ወይም ምንም ነው።

የቢሮ ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም፦ አንዱን ጉዳይ ሁለቴ ነው የምሰማው። የሥራ መተግበሪያችን ይጮሃል፣ ወዲያው ጂሜይል ይከተላል።

ኢሜይል በራሱ አይጮህም፤ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሚጮኸው የጂሜይል መተግበሪያ የሚልክልሽ ፑሽ ነው። የስልኩን ሴቲንግ ብትነኪ ድምፁ ይቆማል እንጂ ኢሜይሉ መምጣቱን አይተውም። እሱን ለማስቆም የሥራ መተግበሪያው ውስጥ፣ በአካውንትሽ ሴቲንግ፣ የኢሜይሉን ምልክት አንሺ። የይለፍ ቃል ለውጥንና ደረሰኝን ግን ተያቸው፤ በኋላ ተፈልገው የሚገኙት እዚያ ነው። ጂሜይል ላይ ደግሞ High priority only የሚል አለ። አስፈላጊውን የሚገምተው ራሱ ስለሆነ አንዳንዴ ይስታል፤ መጀመሪያ አካባቢ ሳጥኑን እየገባሽ እይው።

እናት፣ እንጅባራ፦ እኔንስ በሌሊት የሎተሪና የማስታወቂያ ኤስኤምኤስ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ዳታም የለኝ።

እማማ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። ኤስኤምኤስ ዳታ አይፈልግም፣ ዳታ ማጥፋትም አያስቆመውም። ልጅዎ Do Not Disturb የሚለውን ለሌሊት ሰዓት ያስተካክልልዎ። የቤተሰቡን ቁጥሮች ኮከብ አድርጎባቸው እነሱ ብቻ እንዲያልፉ ይፍቀድ። ደጋግሞ የሚደውል እንዲያልፍ የሚያደርገውንም ያብራ፤ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ይጠራልዎታል።

የእህል ነጋዴው፦ ግሩፖቹ ዝም አሉ። አሁን ደግሞ የደላላው መልዕክት ስልኩን ስከፍተው ነው የሚገባው።

እሱ የባትሪ ቁጠባው ይመስለኛል። የቴሌግራምን የባትሪ ሴቲንግ Unrestricted ያድርጉት። አንዳንድ ስልክ ይህን ተደርጎለትም ከጀርባ ያለውን ይዘጋል። የስልክዎን ሞዴል ይጻፉልኝ፤ ተመሳሳይ ስልክ የያዘ ካለም ያደረገውን ይንገረን።