የአስም መድኃኒት ስለሚነፋበት ኢንሄለርና የተነፋው እስኪሳብ ስለሚቆይበት ስፔሰር አጠቃቀም፦ በራሪ ወረቀቱን ያነበቡ ወላጆች ጥያቄና የሲስተር መልስ

የስድስት ዓመት ልጅ እናት፦ «ወረቀቱ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ፓፍ ይላል። እኔም ሁለቱን አከታትዬ ስፔሰሩ ውስጥ ነፍቼ ለልጄ እሰጠዋለሁ። ሌሊት ግን አሁንም ያስለዋል። መድኃኒቱ ይቀየርለት ይሆን?»

ሲስተር፦ መድኃኒቱን ለማስቀየር ከመሄድዎ በፊት አነፋፉን ያስተካክሉ። ሁለት ፓፍ በአንድ ጊዜ ሲገባ ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ይወፍራሉ፤ የወፈሩትም ከስፔሰሩ ግድግዳ ላይ ይቀራሉ እንጂ ወደ ሳንባ አይደርሱም። ስለዚህ አንድ ፓፍ ይነፋል፣ ልጁ አፉን ሳያነሳ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ኢንሄለሩ እንደገና ይነቀነቃል፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ይነፋል።

ልክ እንደ እርስዎ የምታደርግ አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምር ሲል «እስቲ ቤት እንደምትሰጪው አድርገሽ አሳዪኝ» አልኳት። ኢንሄለሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቀች፣ ሁለቱን ፓፍ በተከታታይ ነፋች፣ ከዚያም ልጇን «ና፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» እያለች ስታስተካክል በስፔሰሩ ውስጥ የነበረው ጉም በዓይናችን ፊት እየሳሳ ጠፋ። ልጁ አፉን ሲያስጠጋ የሚስበው ነገር ብዙም አልቀረም ነበር። መጠኑ አልተጨመረም፤ ልጁ አስቀድሞ ተቀምጦ አፉን ከገጠመ በኋላ አንድ በአንድ እንዲነፋ ብቻ አደረግን። በቀጠሮው ሲመለሱ ሌሊት የሚያስነሳው ሳል ቀንሶ ነበር።

ከሐዋሳ አባት፦ «ስፔሰር በየፋርማሲው ፈልጌ አላገኘሁም። በሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?»

ሲስተር፦ እውነት ነው፤ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጠርሙስ ይያዙ። ወፍራም ሽቦ በኢንሄለሩ አፍ ቅርጽ አጥፈው በእሳት ካጋሉ በኋላ የጠርሙሱን ቂጥ ቀልጦ እስኪበሳ ድረስ ይጫኑበት። ቀዳዳውን በቢላዋ አይቁረጡት፤ ቢላዋ የተሰነጣጠቀ ጠርዝና ልጁ ሊስበው የሚችል ፍርፋሪ ይተዋል። የኢንሄለሩ አፍ በቀዳዳው ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፤ ክፍተት ካለ በፕላስተር ይዝጉት። ክዳኑ ይጣላል፤ ልጁ በአፉ የሚይዘው የጠርሙሱን አፍ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልናገር። ደረቅ ፕላስቲክ፣ በተለይ በጨርቅ ሲታሽ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ሹራብ በደረቅ ቀን ሲወልቅ ፀጉር እንደሚስበው ሁሉ ይህም ሙል ደቃቁን መድኃኒት ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በተጨመረበት ለብ ያለ ውኃ ይታጠብ፤ ውስጡ በንጹሕ ውኃ አይለቅለቅ፣ በጨርቅም አይወልወል፤ ተዘቅዝቆ በራሱ ይድረቅ። ውስጡ ላይ የሚቀረው ስስ የሳሙና ንብርብር ያንን የኤሌክትሪክ ሙል ይቀንሳል። የሳሙናው ጣዕም ልጁን እንዳያስቸግረው ከንፈሩ የሚያርፍበትን ጠርዝ ብቻ ማጠብ ይቻላል። ከፋርማሲ የተገዛውም ስፔሰር በዚሁ መንገድ ይታጠባል።

ያው አባት፦ «እኔ ግን ሁልጊዜ በፎጣ ነበር የማደርቀው።»

ሲስተር፦ አሁን ያቁሙ።

የሦስት ዓመት ልጅ አባት፦ «ሁለት ፓፍ ስሰጣት አከታትዬ ብነፋ ምን ችግር አለው?»

ሲስተር፦ ከላይ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። አንድ በአንድ። ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ማስክ ያስፈልጋል፤ አፍንጫና አፍን ሸፍኖ ከቆዳው ጋር የገጠመ ይሁን። በጎን አየር ካፈተለከ መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል። ወደ አራት ዓመት ገደማ ሆና አፏን በስፔሰሩ አፍ ላይ መግጠም ስትችል ማስኩ ይቀራል።

የመንታ ልጆች እናት፦ «ሲያለቅሱ የበለጠ ስለሚስቡ ያን ጊዜ መስጠት ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሲስተር፦ ተገላቢጦሹ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ረጅም ጊዜ እያስወጣ በአጭሩ በኃይል ይስባል፤ መድኃኒቱም ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አቅፈው አረጋግተው ይስጡ።

የሦስት ዓመት ልጅ አባት፦ «እኛ ተኝታ ሳለች እንሰጣታለን፤ ምንም አትልም።»

ሲስተር፦ ብዙ ልጆች ማስኩ ሲነካቸው ነቅተው ያለቅሳሉ፤ ስለዚህ ይህን ለሁሉም አልመክርም። የእርስዎ ልጅ በእርግጥ ካልነቃች ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩበት።

ከአዲስ አበባ ተማሪ፦ «ኢንሄለሩ ማለቁን ለማወቅ ቆርቆሮውን ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ከተንሳፈፈ አልቋል፣ ከሰጠመ ሙሉ ነው።»

የስድስት ዓመት ልጅ እናት፦ «እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ሲነፋ ድምፅ ካለውም አላለቀም ማለት ነው።»

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። መንሳፈፉ ስለ መድኃኒቱ መጠን አስተማማኝ ነገር አይነግርም፤ ውኃውም የሚነፋበትን ቀዳዳ ሊያበላሸው ይችላል። ድምፁን የሚያሰማው ደግሞ ገፊው ጋዝ ነው፤ ኢንሄለሩ ከተጻፈበት የፓፍ ቁጥር በኋላም መንፋቱን ይቀጥላል፣ በውስጡ ግን በቂ መድኃኒት የለም። እርስዎ፣ የስድስት ዓመቱ ልጅ እናት፣ በየቀኑ አራት ፓፍ ይሰጣሉ። በላዩ 200 ፓፍ የሚል ከሆነ በሃምሳኛው ቀን ያልቃል። ቆጣሪ ከሌለው የጀመሩበትን ቀን በካርቶኑ ላይ ይጻፉ፤ ሃምሳኛው ቀን ሳይደርስ አዲሱን ይግዙ።

የስድስት ዓመት ልጅ እናት፦ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ከጀመርኩት ሦስት ወር ሆኖታል።»

ሲስተር፦ እንግዲያው ሳሉ ያልቀነሰበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ዛሬውኑ አዲስ ይግዙ፤ አዲሱንም ከመጀመርዎ በፊት በመመሪያው እንደተጻፈው ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ይንፉት።

የተጨነቀ አጎት፦ «የእህቴ ልጅ አስም አለባት፤ ምን እናድርግላት?»

ሲስተር፦ ዕድሜዋን፣ የመድኃኒቷን ስምና ምን እንደሚታይባት ካልነገሩኝ ልመልስ አልችልም። አሁን ጎኗ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ለመናገር ወይም ለመጥባት የሚያቅታት፣ ከንፈሯ የሚጠቁር ወይም የምትፈዝ ከሆነ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ የማስታገሻውን ሳልቡታሞል በስፔሰር አንድ በአንድ እየሰጣችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

የመንታ ልጆች እናት፦ «ኔቡላይዘር አይሻልም? እሱ ማሽን ስለሆነ ኃይሉ ይበልጣል።»

ከአዲስ አበባ ተማሪ፦ «አዎ፣ ሆስፒታልም የሚጠቀሙት እሱን ነው።»

ሲስተር፦ ለቀላልና ለመካከለኛ ሕመም በስፔሰር በትክክል የተሰጠ ሳልቡታሞል ከኔቡላይዘር አያንስም፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ሆስፒታል ማሽኑን የሚጠቀመው በተለይ ኦክስጅን አብሮ መስጠት ሲያስፈልግ ነው።

ከሐዋሳ አባት፦ «በኢንሄለር የሚነፋው ቤክሎሜታሶን ስቴሮይድ ነው ይባላል፤ ልጁን ሱስ አያስይዘውም?»

ሲስተር፦ ሱስ አያስይዝም። በየቀኑ የሚሰጥ ነውና ሲሻለው በራስዎ አያቁሙት። ከተነፋ በኋላ ልጁ ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ይህ ካልተደረገ አፉ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ሊወጣበት ይችላል።

አዲስ አባል፦ «ሁለት ፓፍ ታዞልን ሁለቱንም አንድ ላይ…»

ሲስተር፦ አንድ በአንድ።