«ማን ለማን?» ብለው ይጀምሩ

«ሰዎች ‹ግጥም ፈልጌ ነበር›፣ ‹አንድ ታሪክ ቢጻፍልኝ› ብለው ዝም ይላሉ። ለምን ዝግጅት፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ በምን ስሜት፣ ምንም የለም። ሁሉንም ብጠይቅ ይሰለቻሉ። የቱን ላስቀድም?»

ወንድ ይሁኑ ሴት ከጥያቄው አላወቅኩም። ስለዚህ «እርስዎ» እላለሁ። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ «ማን ነው የሚያነበው? ለማን?» ብለው ይጠይቁ። ብዙዎች ዝግጅቱ ይቅደም ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፣ እስክቃጠል ድረስ። አንድ የማላውቀው ሰው «ለአለቃችን ስንብት የምትሆን ግጥም፣ አጠር ያለች፣ ለነገ» ብሎ ጻፈልኝ። ዝግጅቱን ነግሮኛል፣ ርዝመቱንም በግምት። ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። 24 ስንኝ ጻፍኩ። ከመካከላቸው የኮራሁባቸው እነዚህ ነበሩ፦

ቀን ሲጨልምብኝ የቆምከው ከጎኔ፣
ዛሬ ስሸኝህ ግን ምን ልበልህ እኔ?

የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ቤቱም የሚመታው «ኔ» ላይ ነው። ላክሁት። መልሱ መጣ፦ «ሴት ናቸው እኮ! ደግሞ አንቱ ነው የምንላቸው። የማነበውም ሁላችንንም ወክዬ ነው።»

«አለቃ» የሚለው ቃል ጾታ የለውም። «ጓደኛ»ም እንዲሁ። እኔ በራሴ ወንድ አደረግኋቸው፣ በራሴም «አንተ» አልኳቸው። ሰውየው ደግሞ «ቀላል ነው፣ ቃሉን ቀይረው» አለኝ። እስቲ እንቀይረው፦

ቀን ሲጨልምብን የቆሙት ከጎናችን፣
ዛሬ ስንሸኝዎ ግን ምን እንበልዎ እኛ?

ቤቱ ፈረሰ። «ጎናችን» እና «እኛ» አይገጥሙም። ስድስት የነበረው ሐረግም ሰባት ቀለም ሆኖ አንደበት ላይ ይንገዳገዳል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቤት የምንመታው ብዙ ጊዜ በግሱ ጭራ ነው። ያ ጭራ ደግሞ ማን ለማን እንደሚናገር ይዟል። ተቀባዩ ወይም ተናጋሪው ሲለወጥ ግጥሙ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ይናዳል። ከ12ቱ ጥንድ 9ኙን ጥዬ ሌሊቱን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ጠዋት «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብዬ ስጠይቀው «ግጥም ጻፍ አልኩህ እንጂ መርማሪ ሁን አላልኩህም» አለኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። (ግጥሙ ሲነበብ ሴትዮዋ አልቅሰዋል ብለው ሌሎች ነግረውኛል። እሱን እንኳ አልክድም፣ ደስ ብሎኛል።)

ከዚያ ወዲህ ከመጠየቄ በፊት የመልእክቱን ግሶች አያለሁ። «አለቃችን ልትለቅ ነው» ካለ ሴት መሆኗ ታወቀ። «ሊለቁ ነው» ካለ ደግሞ በአንቱታ ስለምጽፍ ጾታውን ባላውቅም ይሄዳል። የሚያስቸግረው ግስ የሌለው ጥያቄ ነው፤ ልክ እንደዚያኛው።

ይህ ጥያቄ ሌላም ጥቅም አለው። «ለማን?» ሲባል ሰው አንድ ቃል ብቻ መልሶ አይተውም። «ለእህቴ፣ ልትመረቅ ነው፣ እኔ ነኝ የማነበው» ይላል። ዝግጅቱ ሳይጠየቅ መጣ። «ለምን ዝግጅት?» ሲባል ግን «ለምርቃት» ብሎ ያበቃል፤ ማን እንደሚመረቅ አይታወቅም።

2. ታሪክ ከሆነ ደግሞ «በእኔ ነው ወይስ በእሱ?» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይጠየቅ። «ደነገጥኩ»ን «ደነገጠ» ማድረግ ከግጥሙ ይቀላል፤ የሚገጥም ቤት የለም። ግን ተራኪው «እኔ» ሲሆን ያልነበረበትን ክፍል ማየት አይችልም። አንዴ በሩቅ ተራኪ ጽፌ ጨርሼ «እኔ ራሴ እንደማወራው ይሁን» ተባልኩ። ከበሩ ጀርባ የተነጋገሩትን ሁለት ሰዎች፣ የታሪኩን እምብርት ማለት ነው፣ አውጥቼ ጣልኩ።

3. ርዝመትና ስሜት ይቆዩ። ከተጻፈ በኋላም ይስተካከላሉ። ርዝመቱን በስንኝ አይጠይቁ፣ ሰው አያውቀውም፤ በደቂቃ ይጠይቁ። እኔ ቀስ ብዬ ሳነብ 16 የወል ቤት ስንኝ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይወስድብኛል። «ምን ዓይነት ስሜት?» ካሉ ደግሞ «አሪፍ» ነው የሚሉዎት። ይልቅ «ሲያልቅ ሰው ይሳቅ ወይስ እንባው ይምጣ?» ይበሉ። ወዲያው ይመልሳሉ።

አንድ ጥያቄ እንኳ የማይመልስ ካጋጠመዎት (ያጋጥምዎታል) ሙሉውን አይጻፉ። በግምትዎ ሁለት ስንኝ ብቻ ጽፈው ይላኩለት፤ ግሱ በግልጽ «አንተ» ወይም «አንቺ» የሚል ይሁን። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ለጥያቄ ዝም ያለ ሰው ስህተት ሲያይ ዝም አይልም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ኧረ ወንድ ነው!» ብሎ ይጽፋል፣ ስሙንም፣ ቀኑንም፣ የሚወደውንም ጨምሮ።