የሠርግ ካሴት፣ እስክስታና የማበጠሪያ ጥርስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የወላጆቼን የ1988 ዓ.ም. ሠርግ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩ። ሰው ቆሞ ሲያወራ ሥዕሉ ጥሩ ነው። እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ በመጋዝ የተሰነጠቀ ይመስላል። ካሴቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሴቱ ደኅና ነው፣ እኅቴ። የዚያን ጊዜው የፓል ካሜራ በሴኮንድ 25 ሙሉ ሥዕል አያነሳም ነበር፤ የሚያነሳው 50 ግማሽ ሥዕል ነው። ከ576ቱ መስመሮች በመጀመሪያ አንዱን እየዘለለ 288ቱን ይይዛል፤ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ የተዘለሉትን 288 ይይዛል። እነዚህን ግማሾች በሙያው ፊልድ እንላቸዋለን። የድሮው ቴሌቪዥን በየተራ ስለሚያሳያቸው ምንም አይታወቅም ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱን ሰፍቶ በአንድ ጊዜ ያሳያል። በዚያች አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚዜው ትከሻ ከቦታው ተነሥቷል፤ ስለዚህ ጎደሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች እዚህ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው እዚያ ይቀራሉ። የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስለው ይህ ነው። አጎትዎ ቆመው ሲመርቁ የማይታየውም ስለማይንቀሳቀሱ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው አውጥቶ፣ የጎደሉትን መስመሮች ከጎረቤቶቻቸውና ከፊትና ከኋላ ካሉት ግማሾች ገምቶ መሙላት ነው። ሃምሳ ግማሽ ከገባ ሃምሳ ሙሉ ፍሬም ይወጣል። እኔ ለዕለት ሥራ የምጠቀምበት ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i serg.avi -vf bwdif=mode=send_field:parity=bff \
 -c:v libx264 -crf 16 -c:a copy -aspect 4:3 serg50.mkv
```

`bff` የምትለዋን ቃል እንዳለች አይቅዷት። ለእርስዎ ፋይል ላትሆን ትችላለች፤ ከታች እመለስባታለሁ።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ነገሩን አታክብዱት። በማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ሳጥን ምልክት አደርጋለሁ፣ መስመሩ ይጠፋል። 25 ፍሬም ሆኖ ይወጣል፤ ካሴቱም እኮ 25 ነበር።

መልስ፦ መስመሩ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ግማሹ ላይ ትክክል ነህ። ካሴቱ 25 ነበር የምትለው ግን አይደለም። ሃምሳ የተለያዩ ቅጽበቶች ነበሩበት፤ ያንተ ሳጥን ሃያ አምስቱን ጥሏቸዋል። የቆመ ሰው ላይ ጉዳቱ አይታይም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ከወደፊት ወደ ኋላ ሲመለስ መካከሉ ይጠፋና ጭፈራው ይቆራረጣል።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም አንዱን ግማሽ ከመጣል ይልቅ ሁለቱን ይቀላቅላል። ቪዲዮውን አቁመህ በአንድ ፍሬም በአንድ ፍሬም አራምደው። ጨፋሪው ሁለት ደብዛዛ ትከሻ ካለው ተቀላቅሎብሃል፤ ከዚያ በኋላ መለየት ከወተት ውኃን እንደ መለየት ነው። ዋናውን ፋይል ካልደመሰስኸው ግን ምንም አልጠፋህም።

ጥያቄ (ከገላን)፦ በ`bwdif` ወደ 50 ፍሬም ቀየርኩት። ማበጠሪያው ጠፋ፤ ሰዎቹ ግን ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደ ኋላ የሚሄዱ ይመስላሉ። ዓይን ያማል።

መልስ፦ የፊልዶቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦብሃል። በኋላ የተነሣው ግማሽ ቀድሞ እየታየህ ነው።

ይህ እኔንም አንድ ሌሊት አስከፍሎኛል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የሁለት ሰዓት የሠርግ ካሴት መጣልኝ። ያስተላለፍኩት በድሮ ሚኒ ዲቪ ካሜራ በኩል ነው፤ ከቪኤችኤስ ማጫወቻው ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ። የፓል ዲቪ ሁልጊዜ የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል፤ `bff` የሚባለው ይህ ነው። እኔ ግን መካከል ላይ በሌላ ፕሮግራም ቆራርጬ መልሼ አስቀምጬው ነበር፤ ያ ፕሮግራም የላይኛው ይቀድማል፣ ማለትም `tff` ነው፣ የሚል ምልክት ለጠፈበት። ምልክቱን አምኜ ሌሊቱን ሙሉ አሠራሁት። ጠዋት ስከፍተው የሙሽራዋ መኪና እየተንቀጠቀጠች ወደ ግቢው ትገባለች።

ከዚያ ወዲህ ምልክትን ትቼ እንቅስቃሴውን ነው የማምነው። ጭፈራ ያለበትን ደቂቃ ፈልግና ይህን አስኪደው፦

```
ffmpeg -ss 00:41:00 -i serg.avi -vf idet -frames:v 2000 -an -f null -
```

በመጨረሻ ከሚወጡት መስመሮች `Multi frame detection` የሚለውን ተመልከት። በእኔ ካሴት `TFF` 12፣ `BFF` 1820 አለ፤ የቀሩት መቶ ሰባ ገደማ ያልተወሰኑ ወይም እንቅስቃሴ የሌለባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ልዩነት ካየህ ክርክር የለም፣ `parity=bff` ነው። በዩኤስቢ በሚሰካ መቅረጫ የተገለበጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው፣ ማለትም `tff` ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ግን አትቸኩል፤ ደቂቃ ቀይረህ ድገመው። ሙሉውን ከማሠራትህ በፊትም ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ ቀይረህ ጭፈራውን እየው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ልጄ፣ የእኔ ቪዲዮ ከግርጌው የሚተራመስ ነጭ መስመር አለው። አልፎ አልፎም በመላው ሥዕል ላይ በረዶ ይወርድበታል። በነገርከን ትእዛዝ ሞከርኩት፣ አልለቀቀም።

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎ ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ ውስጥ ምንም የማይንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ያቁሙት። የማበጠሪያ ጥርስ ቢሆን ኖሮ እዚያ ይጠፋል፤ የሚተራመሰው መስመር ግን እዚያም ይቀራል። የግርጌው መስመር የማጫወቻው ጭንቅላት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያየርበት ቦታ ነው፣ በቪኤችኤስ ሁሉ ላይ አለ፤ የድሮው ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚደብቀው አናየውም ነበር። ወደ ሙሉ ፍሬም ከተቀየረ በኋላ ጥቂት መስመሮችን ቆርጦ መጣል ነው። በፊት አይቁረጡት፤ ከላይ የሚቆረጠው የመስመር ቁጥር ጎደሎ ከሆነ ፊልዶቹ ይገለባበጣሉ። በረዶው ከቆሸሸ ጭንቅላት ሊሆን ይችላልና ማጫወቻው ይጸዳ።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ የእኔን ያስገለበጥኩት ከተማ መሐል ነበር። ፋይሉ 640 በ480 ነው፣ 25 ፍሬም። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ፤ ጥርሱ አሁንም አለ፣ እንዲያውም ወፍራም ሆኗል።

መልስ፦ ይህን ባላየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ካሴትህ 576 መስመር ነበረው። የገለበጠልህ ሰው ፊልዶቹን ሳይለያይ ወደ 480 አጥብቦታል። ስድስት መስመር ወደ አምስት ሲጨመቅ እያንዳንዱ አዲስ መስመር ከጎደሎውም ከሙሉውም ቁራሽ ይይዛል። `bwdif` የሚፈልገው ደግሞ አንዱ መስመር ከዚህኛው ቅጽበት፣ ቀጣዩ ከዚያኛው መሆኑን ነው። ያ ሥርዓት ፈርሷል።

ለማረጋገጥ ጭፈራው ላይ አቁምና አንድ ክንድ እስኪሞላ ድረስ አጉላው። ጤነኛ ጥርስ በየመስመሩ እኩል ይፈራረቃል። የተጨመቀው ግን ጥቂት መስመር ጥርት ይልና ይደበዝዛል፣ መልሶ ጥርት ይላል፤ እንደ መቀነት እየዞረ በየአምስት መስመሩ ይደገማል። ያንተ ይህን ከመሰለ ገንዘብህን በፕሮግራም ላይ አታፍስስ። ካሴቱ ካለ 720 በ576 ሆኖ፣ ሳይጠብና ዲኢንተርሌስ ሳይደረግ እንደገና ይገልበጥልህ። ይህንንም ከመክፈልህ በፊት ተናገር። ካሴቱ ከጠፋ ቁመቱን ወደ 240 አሳንሶ መልሶ ማሳደግ ጥርሱን ያደበዝዘዋል፤ ከጥርሱ ጋር ጥራቱም ይሄዳል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ `QTGMC` ይበልጣል ሲባል እሰማለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ መብራቱንም ታውቀዋለህ።

መልስ፦ ይበልጣል። ልዩነቱን የምታዪው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ነው። ቀጫጭን አግድም መስመሮች በ`bwdif` ይርገበገባሉ፤ ሙሽራዋ ቁጭ ብላ እንኳ የነጠላዋ ጠርዝ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። `QTGMC` እንቅስቃሴውን ተከትሎ ከብዙ ፊልዶች ስለሚገምት ጥለቱን ያረጋጋዋል። የሚሠራው በአቪሲንዝ ፕሮግራም ነው፤ ስክሪፕቱ ይህ ነው፦

```
AviSource("serg.avi")
AssumeBFF()
QTGMC(Preset="Slow")
```

ዋጋው ጊዜ ነው። የሁለት ሰዓት ካሴት 360 ሺህ ፍሬም ይወጣዋል። ላፕቶፕሽ በሴኮንድ 10 ፍሬም ቢሠራ አሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ በእኛ ሰፈር አሥር ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት መጠበቅ ድፍረት ነው። እኔ በሃያ በሃያ ደቂቃ ከፍዬ አሠራለሁ፤ የሚወጣውንም በ`mkv` አስቀምጣለሁ። መብራት መካከል ላይ ቢጠፋ `mkv` እስከዚያ ድረስ ያለው ይከፈታል፤ `mp4` ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልከፈትም ይላል። ከሠርጉ ጭፈራውንና የሙሽራዋን ሥዕል በ`QTGMC`፣ ንግግሩንና ምርቃቱን በ`bwdif` ብትሠሪው አልወቅስሽም።

ዩቲዩብ ላይ የምትጭኚው ከሆነ ከዚያ በኋላ ወደ 1440 በ1080 አሳድጊው። ዩቲዩብ 50 ፍሬም የሚያሳየው ከ720 መስመር ጀምሮ ነው፤ ባለ 576ቱን እንዳለ ከጫንሽው ወደ 25 ይመልሰዋል።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ አክስቴ ከዋሽንግተን የላከችው ካሴት ነው። `idet` ሁለቱንም ቁጥር እኩል ያህል ይሰጠኛል። `tff` ብለውም `bff` ብለውም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፤ 480 መስመር፣ በሴኮንድ 60 ገደማ ፊልድ፤ በትክክል 59.94። መቅረጫው ለፓል እንደ ተዘጋጀ ተገልብጦ 25 ፍሬም ሆኖ ከሆነ ፊልዶቹ በመንገድ ላይ ተጥለዋል ወይም ተቀላቅለዋል፤ ያን ጊዜ `tff` ም `bff` ም ትክክል አይሆንም። ማጫወቻህ የሁለቱን አገር ካሴት የሚያነብ ከሆነ መቅረጫውን ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይረህ አንድ ደቂቃ ብቻ ገልብጥና `idet` አስኪደው። ግን አንዳንድ ማጫወቻ የአሜሪካን ካሴት ግማሽ ፓል አድርጎ ስለሚያወጣው መቅረጫው ላይቀበለው ይችላል። የማጫወቻህን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከአንዲት ደቂቃ ያልተነካ ፋይል ጋር። እስካይ ድረስ አንዱን መርጬ አልነግርህም።