«አልቻለም» ወይስ «አልፈለገም»? የማሻሻያ ዕቅዱ ከመጻፉ በፊት

ጥያቄ፦ «የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። አራት ዓመት የሠራ የስቶር ሠራተኛ አለን፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድና መጋዘን ያለው ዕቃ አይገጥምለትም። ሦስት ማስጠንቀቂያ ጽፈንለታል። አለቃዬ የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጂለት፣ ካልተስተካከለ ይሰናበታል አሉኝ። ፍርድ ቤት ብንሄድ እንዲያዋጣን እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ «የማሻሻያ ዕቅድ» የሚል ነገር የለም። ስለዚህ 30 ቀን ይሁን 90 ብሎ የሚያስገድድሽ የለም፣ ግን ዕቅድ ስለጻፍሽ ብቻ ማሰናበት ትችያለሽ ማለትም አይደለም። ወረቀቱ ማስረጃ ነው። የምን ማስረጃ እንደሆነ ግን ከመነሻው መወሰን አለብሽ።

አንቀጽ 28 የሚያወራው ሥራውን መሥራት ስላልቻለ ሰው ወይም የተዘጋጀለትን ሥልጠና አልወስድም ስላለ ሰው ነው። መንገዱ ሥራው ከመቋረጡ በፊት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሰጥቶ ማሰናበት ሲሆን፣ የኅብረት ስምምነታችሁ ሌላ ካላለ በቀር ችሎታ ማጣቱ በየጊዜው በሚሞላ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። አንቀጽ 27 ደግሞ እየቻለ ከተወሰነው መጠንና ጥራት በታች ደጋግሞ የሚሠራን ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ይፈቅዳል፣ ግን መጠኑ በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለታችሁ ስምምነት የተወሰነ መሆን አለበት። አለቃሽ ብቻቸውን የጻፉት ቁጥር እዚህ ጋ አይሠራም። ብዙ ድርጅት ደብዳቤው ላይ «ችሎታ የለውም፣ ደግሞም ሆን ብሎ ይዘናጋል» ብሎ ሁለቱንም ይደርባል። የሠራተኛው ጠበቃ ብሆን እኔ ራሴ መጀመሪያ የምይዘው እሱን ነው።

ያንቺ ጉዳይ ወደ አንቀጽ 28 ያደላ ይመስለኛል። ሦስቱ ማስጠንቀቂያዎች የዲሲፕሊን ወረቀት ናቸው፣ ችሎታ እንደሌለው አያሳዩም። ያለፈውን ዓመት ምዘናም አውጥተሽ እዪው። «በጣም ጥሩ» ተብሎ ጭማሪ አግኝቶ ከሆነ ችግር አለ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምዘና እውነቱን መናገር አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «ትጋቱን ያሻሽል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ማንም አይለካውም። መጀመሪያ እሱ ባለበት 40 ዓይነት ዕቃ ቁጠሩና ስንቱ ከቢን ካርዱ ጋር እንደማይገጥም ጻፉ፣ እሱም ይፈርም። 9 ነው እንበል። ዕቅዱ ሰኞ ጥቅምት 3 ጀምሮ ሰኞ ኅዳር 29 ቢያልቅ ስምንት ሳምንት ነው። በየዓርቡ ከፋይናንስ አንድ ሰው መጥቶ 40 ዕቃ ይቆጥራል፣ የማይገጥመው እስከ ኅዳር 1 ከ4 እንዳይበልጥ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓርቦች ደግሞ ከ2 እንዳይበልጥ። ይኸው በቂ ነው፣ አሥር ግብ አትደርድሪ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ስንት ሰው እጅ ነው? ሾፌሩ ወይም የሽያጭ ሰው ማታ ገብቶ ሲሚንቶ የሚያወጣ ከሆነ የምትለኪው እሱን አይደለም። ስለዚህ ከምትሰጡት ድጋፍ የመጀመሪያው ቁልፉ በአንድ እጅ እንዲሆንና ያለ ወጪ ማዘዣ ምንም እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የቢን ካርድ አያያዝ ሥልጠና፣ ማን እንደሚሰጥና በየትኛው ቀን እንደሆነ ተጽፎ። አልወስድም ካለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ አንቀጽ 28 ላይ ክብደት አለው። ሥልጠናው በናንተ ምክንያት ሁለት ሳምንት ከዘገየ የመጨረሻውንም ቀን በሁለት ሳምንት ግፉት።

ስብሰባዎቹን ጥቅምት 17፣ ኅዳር 1፣ ኅዳር 15 እና ኅዳር 29 ብለሽ ቀን ቁረጪላቸው። ቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የዓርቦቹ ቁጥር፣ ቃል የተገባው ድጋፍ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም፣ እሱ ያለው በራሱ አነጋገር፣ ፊርማ። አንድ ጊዜ አራት ቃለ ጉባኤ የያዘ አሠሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ ነበር፣ አራቱም በአንድ ቀን እንደተጻፉ ከሩቅ ይታያል። ይዘሃቸው ፍርድ ቤት እንዳትቀርብ አልኩት። የቅርብ ኃላፊው ቀን ካልተመቸው ስብሰባው የሚዛወርበትን ቀን በደብዳቤ አሳውቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትዝለሉት።

ፊርማ ላይ፣ «ደርሶኛል» እና «ተስማምቻለሁ» ይለያያሉ። በቁጥሩ ካልተስማማ የተቃወመበትን ምክንያት ራሱ ይጻፍበት፣ አትከልክዪው። ጭራሽ አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት መስጠትሽን መዝግቢ።

ኅዳር 29 ላይ ካልደረሰ ውጤቱን ወደ መደበኛው የምዘና ቅጽ አስገብታችሁ፣ ምክንያቱንና ሥራው የሚቋረጥበትን ቀን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ትሰጡታላችሁ። አራት ዓመት ስላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ነው። ከደረሰ ግን ዕቅዱ መዘጋቱን በደብዳቤ ስጪውና ቅጂውን ፋይሉ ውስጥ አድርጊ፣ አለቃሽ በልባቸው ቀድመው ወስነው ከነበረም ያን ጊዜ ይህንኑ የመዝጊያ ደብዳቤ ትፈርሚያለሽ።