423 ከየት መጣ?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ተመራቂ ተማሪ ፕሮፖዛሉን ይዞ ቤቴ መጣ። ገጹን ሳልገልጥ «የናሙናህ ብዛት 423 ነው አይደል?» አልኩት። ደነገጠ። «ጋሼ፣ በምን አወቁ?»

ጠንቋይ ሆኜ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጤና ጥናት ላይ ነው፤ ይህን ቁጥር ያላየሁበት ዓመት የለም። የወባ ጥናት ሲሆን 423፣ የቤተሰብ ምጣኔ ሲሆን 423። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ያን ቀን ከልጁ ጋር ተቀምጠን የሠራነውን ሒሳብ እናንተም እንድታዩት ብዬ ነው።

ቀመሩ ይህ ነው፦

n = z² × p × (1 − p) ÷ d²

n የሚጠየቀው ሰው ወይም ቤት ብዛት ነው። z በ95 በመቶ መተማመኛ 1.96 ነው። p ልንለካው የፈለግነው ነገር ከጠቅላላው ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድመን የምንገምተው ነው። d ደግሞ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም መልሳችን ወደ ላይና ወደ ታች ስንት ቢወዛወዝ እንደምንታገሥ ነው። p ካልታወቀ 0.5 ይገባል፤ ትልቁን ናሙና የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ለጥንቃቄ ነው። d 0.05 ሲሆን 384.16 ይመጣል። ሲሆን ሲሆን ወደ ላይ ተጠግቶ 385 መባል ነበረበት። ብዙ ሰው ግን ነጥቧን ጥሎ 384 ይላል። በዚያ ላይ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422.4 ይሆናል፣ ይህኛው ደግሞ ወደ ላይ ይጠጋና 423! አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ። ይኼው ነው ታሪኩ።

ልጁ የሚያጠናው በአንድ ወረዳ ውስጥ ከመጸዳጃ ቤታቸው አጠገብ ውኃና ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያ ያላቸው ቤቶች ከመቶ ስንት እንደሆኑ ነው። በአጎራባች ወረዳ ቀደም ሲል የተሠራ ጥናት 6 በመቶ እንዳገኘ ራሱ በፕሮፖዛሉ ጽፏል። «ታዲያ p 0.5 ለምን አልክ? 6 በመቶ እንደሚጠጋ እያወቅህ?» አልኩት። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ 0.06 አስገባ። 87 ወጣ። ፊቱ በራ። «ጋሼ ተገላገልኩ!»

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 87 ቤት ሄደህ 6 በመቶ ብታገኝ መታጠቢያ ያላቸው 5 ቤቶች ናቸው። የስህተት ህዳግህ 5 ስለሆነ መልስህ «ከ1 እስከ 11 በመቶ» ነው። ይህን ሳንሄድም እናውቀዋለን! 5 በመቶ የስህተት ህዳግ 50 በመቶ ለሚሆን ነገር ደህና ነው። 6 በመቶ ለሚሆን ነገር ግን ከመልሱ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። p ዝቅ ሲል d አብሮ ዝቅ ማለት አለበት፤ ቀመሩ ግን ይህን አይነግርህም።

ስንት ይሁን? ይህን ሒሳብ አይመልሰውም። ወረዳው በቁጥሩ ምን እንደሚያደርግበት ጠየቅኩት። መታጠቢያ ያላቸው ቤቶች ከመቶ 10 የማይሞሉ ከሆነ መታጠቢያ የማስፋፋቱ ሥራ በሁሉም ቀበሌ ይጀመራል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በተመረጡ ቀበሌዎች ብቻ ይሆናል አለ። እንግዲያው እውነቱ 6 አካባቢ ከሆነ፣ ላይኛው ጫፍ 10 እንዳይነካ የሚያደርግ ህዳግ ያስፈልገዋል። 3 ላይ ተስማማን፤ ከ3 እስከ 9 ማለት ነው። ይህ 241 ቤት ይጠይቃል። 2 ቢሆን 542 ነበር። ህዳጉን በግማሽ ብትቀንሰው ሥራው አራት እጥፍ ይሆናል፤ አበሉን፣ ነዳጁንና ቀኑን አስቡት።

«ወረዳው እኮ 30,000 አባወራ አለው፣ 241 ይበቃል?» አለኝ። የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። የሕዝቡ ብዛት እዚህ ብዙም አይገባም። ያን 385 እንኳ ለ30,000 አባወራ ብናስተካክለው 381 ነው የሚሆነው። ለውጡ የሚታየው ሕዝቡ ትንሽ ሲሆን ነው፤ ለ1,000 አባወራ 278 ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ወጣት ሳለሁ ልክ እንዲህ ዓይነት ጥናት ሠራን። መኪናው አንድ፣ ጊዜው አጭር ስለነበር 8 ቀበሌ መርጠን በየቀበሌው 50 ቤት፣ በጠቅላላው 400 ቤት ጎበኘን። 24 ቤት መታጠቢያ ነበረው፤ ልክ 6 በመቶ። እኔም የስህተት ህዳጉን 2.3 ብዬ ጽፌ በኩራት አቀረብኩ። አንድ አዛውንት ባለሙያ ሠንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «24ቱ ከየት ከየት ናቸው?» አሉ። 9ኙ ከአንድ ቀበሌ ነበሩ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ሁለት ሁለት ናቸው፣ አንዱ ብቻ ሦስት። በዚያች ቀበሌ ጎበዝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበረች። እሷ ያለችበት ቀበሌ ዕጣ ባይወጣለት ኖሮ ውጤታችን 4 በመቶ አካባቢ ይሆን ነበር።

አንድ መንደር ውስጥ ያሉ ቤቶች ይመሳሰላሉ። ሃምሳኛው ቤት ከአርባ ዘጠኙ የተለየ ብዙ ነገር አይነግርህም። የእኔ 400 ቤት በዘፈቀደ ከመላው ወረዳ እንደተነሡ 200 ቤቶች ያህል ነበር የሚያወራው። ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው ይህ ነው፤ የእኛው 2 ገደማ ነበር። እውነተኛው ህዳግ 2.3 ሳይሆን 3.4 ሆነ። ቀመሩ ይህን አያውቅም። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻ ዕጣ የወጣለት ነው የሚመስለው።

ብዙ ፕሮፖዛል ላይ «ዲዛይን ኢፌክት 2» ተብሎ በደፈናው ይባዛል። መጠኑ ግን በእጃችሁ ነው፣ ከአንድ ቀበሌ ስንት ቤት እንደምትወስዱ ይወስነዋልና። በዚያ የድሮ ጥናት የአንድ ቀበሌ ቤቶች መመሳሰል በቁጥር ሲለካ 0.022 ገደማ ነበር። ከ50 ቤት አንድ ቀንሰህ በእሱ ብታባዛና 1 ብትጨምር ዲዛይን ኢፌክቱ 2.08 ይሆናል። ከየቀበሌው 20 ብቻ ብትወስድ ግን 1.42 ይሆናል።

ለልጁ በዚህ ሠራንለት። 241 በ1.42 ሲባዛ 343። ከአሥር አንዱ ቤት ሊዘጋብን ይችላል ብለን 10 በመቶ አልጨመርንም፣ ለ0.9 አካፈልን እንጂ። 10 በመቶ ቢጨመር 378 ነው፤ ከእሱ ላይ አሥር በመቶው ሲቀር 340 ይተርፋል፣ ይጎድላል። ስናካፍል 382 መጣ፤ ከ20 ቀበሌ 19 ወይም 20 ቤት። ወረዳው 27 ቀበሌ ስላለው ይቻላል። የተዘጋውን በር ግን ቁጥር አይከፍተውም። ቀን ቀን ቤታቸው የማይገኙት ሠራተኞች ከሆኑ፣ በምትካቸው ጎረቤት መጠየቅ ውጤቱን ያዛባዋል። ማታ ወይም ቅዳሜ ተመልሶ መሄድ ነው።

ልጁ 382ን አይቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዞረን 384 አጠገብ ተመለስን!» እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቡናው ቀረበና የ20ዎቹን ቀበሌዎች የአባወራ ዝርዝር ከማን እንደሚያገኝ መነጋገር ጀመርን። የሁለቱ ቀበሌ መዝገብ ከታደሰ ቆይቷል አሉ፤ እሱ ገና ያስቸግረዋል።