«ዲቃላ» የምትል አንዲት ቃል ያስከፈለችኝ

«ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የአሜሪካ ፊልም የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ስድብ ነው። ቀላሉን፣ ከባዱንና ነውሩን እንዴት ነው የምትለዩት? እኔ ስጽፈው ወይ ሰው ያስደነግጣል ወይ ውሃ ውሃ ይላል።»

ወንድሜ፣ የቆየ ቁስሌን ነካህብኝ። እኔም ስጀምር እንዳንተው መዝገበ ቃላት ከፍቼ ቃል በቃል ነበር የምሄደው። መጀመሪያ እሱ ምን እንዳደረገኝ ልንገርህ።

ፊልሙ የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ ነው። አንዱ ሥራ አገኘና መጥቶ ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛው እየሳቀ ትከሻውን መታ አድርጎ «ዩ ላኪ ባስታርድ» ይለዋል። እኔ «አንተ ዕድለኛ ዲቃላ» ብዬ ጻፍኩ። ያሠራኝ ቢሮ ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጦ አየው። ያቺ መስመር ስትመጣ ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሥተው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሁሉ እየሰማ «እናንተ ቤት እንዲህ ነው የሚወራው?» አለኝ። ውላችን 12,000 ብር ነበር፣ 7,000 ሰጥቶ አሰናበተኝ። ይባስ ብሎ እኔን ሳይጠይቁ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ስድብ በሙሉ «የተረገመ» በሚል ቃል ቀየሩት። «የተረገመ መኪና»፣ «የተረገመ ስልክ»፣ «የተረገመ ቡና»። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ግን «ዲቃላ» ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። «ባስታርድ» በእንግሊዝኛ ከልደት ጋር የነበረው ነገር ከላላ ቆይቷል። በጠላት አፍ ስድብ ነው፣ በጓደኛ አፍ ፍቅር ነው። «ዲቃላ» ግን አልላላም። የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቃል፣ እናትንም አብሮ ይሰድባል። ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይሄን በሳቅ ብታጅበው አይለዝብም። ዛሬ ቢሆን «አንተ ሌባ፣ ቀናህ!» እል ነበር። «ሌባ» በጓደኛሞች መሀል ልክ ያንን ሥራ ይሠራል። ቃሉ ሌላ ነው፣ ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ ግን ያው ነው።

አሁን እንዴት እንደምሠራ።

1. እሳቱ የት እንዳለ ለይ። የእንግሊዝኛ ስድብ ኃይሉ በብዛት ከወሲብና ከሰገራ ነው። የእግዚአብሔርና የሲኦል ስም ያለበት ቀላሉ ነው። ኦፍኮም የሚባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥንና ሬዲዮ ተቆጣጣሪ በ2016 ሕዝብ አስጠይቆ ቃላቱን በአራት ደረጃ ከፍሏቸው ነበር። «ዳም» ቀላል ውስጥ ገባ፣ «ሺት» መካከለኛ፣ በኤፍ የሚጀምረው ደግሞ ከሁሉ የከበደው ውስጥ። ይሄ የነሱ መሰላል ነው። የኛን አማርኛ የሚያቃጥለው እናት፣ ልደት፣ አስተዳደግና እርግማን ነው። ስለዚህ ቃል በቃል ስትሄድ መሰላሉ ይገለበጥብሃል። የነሱ ቀላል «ዳም» እኛ ጋ «የተረገመ» ሆኖ ይከብዳል፣ የነሱ ከባድ ደግሞ አፍ ላይ የማይመጣ የሰውነት ክፍል ስም ይሆንብሃል።

እናቴ በሕይወቷ ስትቆጣ ብዙ ሰምቻለሁ። «ደደብ» ብላኛለች፣ «ከፊቴ ጥፋ» ብላኛለች። «ተረገም» ግን አንድ ቀን ከአፏ አልወጣም፣ የወላጅ እርግማን ይደርሳል ብላ ስለምታምን። እንግዲህ ቁልፍ ወድቆበት «ዳም ኢት» ያለ ሰውዬ «የተረገመ!» ብሎ ሲጻፍበት እንደሷ ያለ ተመልካች ምን እንደሚሰማው አስበው። «ኤጭ!» በቂ ነው። «ሺት»ም እንዲሁ። ሻይ ከደፋ «ኤጭ»፣ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ከረሳ «ወይኔ!»፣ ፖሊስ በሩን ካንኳኳ «አለቀልን!» የምትጽፈው የሆነበትን ነገር አይተህ ነው።

2. «ይሄ ቃል ምን ያህል ከባድ ነው?» ብለህ ሰው አትጠይቅ። ሁሉም «በጣም» ይልሃል። «በማን ፊት ትለዋለህ?» በል። ከዚያ ውርደት በኋላ አሥራ ሁለት ቃል በአሥራ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ጻፍኩና ታናሽ ወንድሜን፣ አክስቴን፣ ጎረቤታችን የሆነ የታክሲ ረዳትና ሁለት ጓደኞቼን ጠየቅኩ። አባትህ ፊት? ጓደኛህ ፊት? የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ ቢልህ ትጣላለህ? «ፋራ»፣ «ቀሽም» እና «ጅል» ምንም ሳያነጋግሩ ቀላሉ ጋ ተቀመጡ። «ደደብ» እና «ጀዝባ» ለጓደኛ ይባላሉ፣ ለማያውቁት ሰው ግን ጠብ ይጭራሉ ተባለ። «ውሻ» እና «አሳዳጊ የበደለው» ከባዱ ጋ ገቡ። «ዲቃላ» እና «ሸርሙጣ» ነውሩ ጋ።

እናትን የሚነካውን ወረቀት ረዳቱ አነሣ። አየውና መልሶ ገልብጦ አስቀመጠው። «ይሄንን ቀኑን ሙሉ ነው የምሰማው፣ እሳቸው ፊት ግን አላነበውም» አለ በአገጩ ወደ አክስቴ እያመለከተ። ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሰው ብቻውን ወይም ከእኩዮቹ ጋ ሲሆን የሚለው፣ ትልቅ ሰው ባለበት ግን አፉ ላይ የማይመጣ ከሆነ ነውር ነው። ስንት ጊዜ መባሉ ደረጃውን አያወርደውም።

አንድ ቃል ብቻ አላስማማንም፣ «ባለጌ»። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ቀላሉ ጋ ወረወረው። አክስቴ አንሥታ ከባዱ ጋ አስቀመጠችው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለሱ «ባለጌ» ማለት ቀልድ የሚያበዛ ሰው ነው፣ ለሷ ያልተቀጣ፣ ቤተሰቡ ያላሳደገው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥምህ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ተናጋሪ ዕድሜ እይ። ዋሽንግተን ፍርድ ቤት የምታስተረጉም የአክስቴ ልጅ አለችኝ። አንዲት ትልቅ ሴት «ባለጌ ነው» ሲሉ በእንግሊዝኛ «ሩድ» ብላ ልትተረጉመው ነበር፣ ግን ያ አመሰግናለሁ ማለት ለረሳ ሰው የሚባል ነው። «ሐፍረት የሌለው» በሚል ቀየረችው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ማለዘብም መተውም አይፈቀድለትም፣ በተነገረበት ክብደት ማስተላለፍ አለበት። እኛ ሰብታይትል ላይ የተሻለ ነፃነት አለን።

ከመሰላሉ ውጭ የምታስቀምጠው ደግሞ አለ። የሰውን ብሔር፣ ቆዳ፣ የወላጆቹን ሙያ የሚሰድቡት ቃላት። እዚህም አልጽፋቸውም። እነሱን በንዴት መጠን አትለካቸው፣ በቀስታ ቢነገሩም ያው ናቸው፣ ክፍሉ ውስጥ የሌለውንም ሰው ይመታሉ። እኛ አገር የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ፊልሙ ላይ ቢመጣብህ ብቻህን አትወስን፣ ያሠራህን ሰው በጽሑፍ ጠይቀው።

3. በኤፍ የሚጀምረውን ቃል አንድ ቃል አድርገህ አታስበው። እየቆጠርክ ሥራውን ለየው። የኔ ፊልም ላይ 43 ጊዜ ነበር። ሰው ላይ በቀጥታ የተሰነዘረው 11 ብቻ ነው። ሌላው ንግግር ማጠንከሪያ ነው ወይ ትንፋሽ ነው። ለማጠንከሪያው አማርኛ በጣም ቆንጆ ነገር አለው፣ «አባት»ን ማስገባት። ወንድማማቾች ገንዘብ ጠፍቶባቸው የሚጣሉበትን ትዕይንት ልንገርህ፣ አርባ ሰከንድ ነው፣ ሦስት ኤፍ አለው። ታላቁ ሲገባ «ዋት ዘ ኤፍ አር ዩ ዱዊንግ?» ይላል፣ «ምን አባህ እየሠራህ ነው?» አልኩ። ከዚያ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ «ብሩ የት አባቱ ገባ?» ለሰው «አባህ» ማለት ለዕቃ «አባቱ» ከማለት ይከብዳል፣ ልብ በል። መጨረሻ ላይ ታናሹ በሩን እየዘጋ ኤፍ ዩ ይለዋል። መጀመሪያ «ገደል ግባ!» ጻፍኩና አነሰብኝ። ወንድሙን ለዘላለም እየተወ ነው። «የእናትህን…» ብዬ ሦስት ነጥብ አስቀመጥኩ። የሁለቱም እናት አንድ ናት! ወንድም ወንድሙን እንዲህ አይሰድብም። አጠፋሁት። ያደረግኩት «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፣ ገደል ግባ!» ነው። ለባዕድ ቢሆን ኖሮ በነጥብ የተቆረጠው ይሠራ ነበር። ሳይጨርሱ መተው አንድ ደረጃ ያወርደዋል፣ ሰውም መንገድ ላይ ቆርጦ ነው የሚለው።

አየህ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ከባዱን ብጨርሰው ኖሮ ለበሩ ምንም አይተርፈኝም ነበር። ደግሞ የተጻፈ ስድብ ከተሰማው ይከብዳል፣ ዓይን ላይ ይቆማል። ተመልካቹ እንግሊዝኛውን በጆሮው ስለሚሰማም ትንፋሽ የሆነውን ብትተወው አይጎድልበትም። እኔ ከ43ቱ 14ቱን ምንም አልጻፍኩባቸውም። የተዋናዮቹን ድምፅ በአማርኛ ድምፅ የምትቀይር ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፣ አፍ ሲንቀሳቀስ ባዶ ማለፍ አትችልም።

ሌላው እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አንተና እርስዎ ነው። ሁለተኛው ሥራዬ ላይ ሠራተኛው አለቃውን ፊልሙን ሙሉ ሲፈራው ቆይቶ መጨረሻ ላይ ኤፍ ዩ ብሎት ይወጣል። ሁሉንም «እርስዎ» እያልኩ መጣሁና እዚያ ጋ «አንተ ደግሞ ምን አባህ ትሆናለህ?» ጻፍኩ። አንዲት ነውር ቃል የለችበትም። ሲታይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሰው «እንዴ!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ያሠራኝ ሰውዬ ማታ ደውሎ ስለዚያች መስመር ብቻ አሥር ደቂቃ አወራኝ፣ ገንዘቡም ሙሉውን በሳምንቱ ገባ።

4. ሥራ ሳትጀምር አሥር ቃል መርጠህ፣ ከጎናቸው የምትጽፍባቸውን አማርኛ አድርገህ ለአሠሪህ በኢሜይል ላክና «ተስማምቻለሁ» አሰኘው። ተመልካቹ ማን እንደሆነም እዚያው አስጽፈው፣ ቤተሰብ ነው፣ ወጣት ነው፣ በስንት ሰዓት ነው የሚታየው። እኔ ይሄ ወረቀት ቢኖረኝ ያ 5,000 ብር አይቆረጥም ነበር።

በጣም ያስቸገረህን ትዕይንት እዚሁ ጻፈው። ማን ለማን እንደሚናገር፣ ዕድሜያቸውንና ከዚያ በፊት ምን እንደተባባሉ ጨምር። ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።